ሲቪ ላይ ትምህርት ይቅደም ወይስ ልምድ?

ጥያቄ፦ «ኮምቦልቻ ኤሌክትሪካል ተመርቄ ፋብሪካ ጥገና ላይ 2 አመት ሰራሁ፣ ሲቪዬ ግን አሁንም በትምህርት ነው የሚጀምረው። ልቀይረው?»

መልስ፦ ቀይረው ወንድሜ። ትምህርት አናት ላይ የሚቀመጠው ሌላ የምታሳየው ሲጠፋ ነው፣ ማለት ገና ተመርቀህ «0 አመት» የሚል ማስታወቂያ ላይ ስታመለክት፣ ያኔ ውጤትህና ኢንተርንሺፕህ ነው የሚታየው። አሁን ግን «2 አመት ልምድ» የሚል ላይ ነው የምታመለክተው፣ ስለዚህ ከስምህና ከስልክህ ስር ቀጥታ ልምድህን አምጣው፣ ትምህርቱ ወደታች ወርዶ ሁለት መስመር ይበቃዋል፣ የሃይስኩሉንማ ጭራሽ አውጣው።

ልምዱ ላይ «ጥገና ሰርቻለሁ» ብለህ እንዳታልፈው። የምን ማሽን፣ ሞተር ነው ፓኔል፣ ማታ ሺፍት ብቻህን ትሰራ ነበር ወይ፣ እሱን ጻፍ። ቀኑን ደግሞ ከልምድ ደብዳቤህ ጋር አስተያየው፣ ደብዳቤው በኛ አቆጣጠር ሆኖ ሲቪው በፈረንጅ ከሆነ ቀኖቹ የማይገጥሙ ሊመስሉ ይችላሉ።

ስኪል ማስቀደሙ ሙያ ለሚቀይር ሰው ነው፣ ለምሳሌ ከጥገና ወጥተህ ሶፍትዌር ስትገባ። እኔ ደሴ አንድ ቦታ ሳመለክት ፒኤልሲን አናት ላይ ደርድሬ ገባሁ፣ ኢንተርቪው ላይ «የት ሰራህበት?» ሲሉኝ ክፍል ውስጥ ብቻ ነበር፣ አፈርኩ 😅

የመንግስት መስሪያ ቤት ከሆነ ግን ትምህርቱን ከላይ ብትተወውም ችግር የለውም፣ እዛ መጀመሪያ የሚያጣሩት የተጠየቀው ዲግሪ መኖሩን ነው። ሁለት ፋይል ያዝ በቃ።