አንድ ካቴተር፣ ሁለት ፈታኝ፣ 44 እና 28

«ሰላም ሲስተር። ነርሲንግ ስክልስ ላብ ውስጥ ነው የማስተምረው። የሴት ካቴተራይዜሽን ቼክሊስታችን 25 ስቴፕ አለው፣ እያንዳንዱ ከ2 ይታረማል፣ ማለፊያው ከ50 30 ነው። ባለፈው ፈተና አንዷን ተማሪ አንዱ ፈታኝ 44፣ ሌላው 28 ሰጣት፣ ሁለቱም አጠገቧ ቆመው ነው ያዩት። ሞዴላችን ስለሚያፈስ ውሃ አንሞላበትም። ቼክሊስቱን ላርዝመው ወይስ ፈታኞቹን ልቀይር?»

አታርዝመው ወንድሜ፣ ፈታኞቹንም ተዋቸው። ልዩነቱ 16 ነው፣ 16 ማለት ደግሞ 8 ስቴፕ በ2 በ2 ማለት ነው፣ ስለዚህ ወረቀቶቹን ሳላያቸው የምጠረጥረው ልጅቷ መሃል ላይ ስቴሪሊቲ ሰብራለች፣ ቼክሊስታችሁ ላይ ደግሞ መጨረሻው አካባቢ «ስቴራይል ቴክኒክ ጠብቋል» የምትል አንዲት መስመር ብቻ አለች። አንዱ ፈታኝ እዛች መስመር ላይ ዜሮ ሰጥቶ ሌላውን እንዳየው አረመ፣ ሌላው «ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ተበላሽቷል» ብሎ ቀጥሎ ያሉትን ስምንቱን ዜሮ አደረጋቸው። ሁለቱም አልተሳሳቱም፣ ወረቀቱ ነው ምን እንደሚያደርጉ ያልነገራቸው። ድምሩን ተወውና ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አድርገህ መስመር በመስመር እያቸው። ከአንድ ስቴፕ ጀምሮ 2 እና 0 ተከታትሎ ከመጣ ያልኩህ ነው። 2 እና 1 እዚህም እዚያም ተበታትኖ ከሆነ ግን ችግሩ ሌላ ነው፣ 1 ምን ማለት እንደሆነ ማንም አልጻፈም ማለት ነው።

እሱን አሁኑኑ ጻፈው። 2 ማለት ማንም ሳያስታውሰው በቅደም ተከተሉ ሠራ፣ 1 ማለት ተሳስቶ ራሱ አውቆ አስተካከለ፣ 0 ማለት ዘለለው ወይ ፈታኙ አስታወሰው። «በከፊል ሠርቷል» የሚል ነገር እንዳትጨምር፣ ጠብ የሚነሳው እሱ ላይ ነው።

ከዛ ያቺን «ስቴራይል ቴክኒክ ጠብቋል» የምትል መስመር ሰርዛትና በዓይን ወደሚታዩ ቦታዎች በትናት። ፈታኝ «ጠብቋል» የሚባል ነገር አያይም፣ የሚያየው እጅ ነው። እዚህ ጋ ትንሽ ልለፍልፍ ምክንያቱም ሁሌም የማወራው ይሄንን ነው። ተማሪው ስቴራይል ግላቭ ሲያደርግ ሁለቱም እጆቹ ንጹህ ናቸው። ድሬፑን ያነጥፋል፣ ጄሉን ካቴተሩ ጫፍ ላይ ያደርጋል፣ ጥጦቹን ያዘጋጃል፣ ይሄ ሁሉ በሁለት እጅ ነው። የከንፈረ ብልቱን ግራና ቀኝ የከፈተበት ቅጽበት ላይ ግን ያ እጅ ሞተ። ግላቩ አልተቀደደም፣ ደም የለበትም፣ አሁንም ነጭ ነው፣ ግን ሞቷል፣ ከዛ በኋላ ትሪውንም ካቴተሩንም መንካት አይችልም። መልቀቅም አይችልም፣ ምክንያቱም ከለቀቀ ከንፈሮቹ ይገጥሙና በአንቲሴፕቲክ የተጠረገው ቦታ ካልተጠረገው ጋር ይነካካል፣ እንደገና መጥረግ ሊኖርበት ነው። ስለዚህ ያ እጅ ካቴተሩ እስኪገባ እዛው እንደ ችካል ይቆማል፣ ሌላው ነገር በሙሉ በአንድ እጅ ይሠራል። ተማሪ የሚወድቀው እዚህ ነው፣ ጥጡን በአንድ እጅ ማንሳት ይከብደውና ያ የሞተው እጅ ሳያስበው ሊረዳ ይመጣል። ስለዚህ ሦስት መስመር ይጻፍ፦ ከመክፈቱ በፊት ሁሉም ነገር በአንድ እጅ ሊነሳ በሚችልበት ሁኔታ ተዘጋጅቷል፣ የከፈተው እጅ ካቴተሩ እስኪገባ አልተነሳም፣ የከፈተው እጅ እስከዛ ድረስ ትሪና ካቴተር አልነካም። ደግሞ «ግራ እጅ» ብላችሁ ጽፋችሁ ከሆነ አጥፉት፣ ግራኝ ተማሪ አለ።

የላባችሁ ሞዴልም ይሄን እየደበቀ ሊሆን ይችላል። ርካሹ ሞዴል ላይ ከንፈሩ ወይ ደርቆ ወይ ተቀዶ ሳይያዝ ራሱ ተከፍቶ ነው የሚቀመጠው፣ ተማሪው ለቀቀ አልለቀቀ ለውጥ የለውም። እንደዛ ከሆነ የሚገጥም አዲስ ላስቲክ ግዙለት፣ በፕላስተር የጠገነው ሰው ካለ ደግሞ መጀመሪያ ያንን ፕላስተር ንቀሉ፣ ካቴተሩ እየተጣበቀበት ነው የሚያስቸግራችሁ።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ነገር ልምጣ። ውሃ አንሞላም ብለሃል። ሽንት የማይወጣበት ሞዴል ላይ ተማሪው የሚማረው ካስገባ በኋላ ዝም ብሎ ባሉን መንፋት ነው። ዋርድ ውስጥ ስሠራ አንድ ልጅ እንደዛ አደረገ፣ በሽተኛው ወንድ ነበር፣ ካቴተሩ ግማሽ መንገድ ላይ እያለ 10 ሚሊ ሊትሩን ገፋው፣ ሰውዬው ጮኸ፣ ወዲያው በካቴተሩ ዙሪያ ደም መጣ። ልጁን «ሽንት አየህ ወይ?» ብለው «ላብ ላይ እኮ አይወጣም» አለኝ። የሴት የሽንት ቧንቧ ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ስለዚህ ሽንት ሲታይ ካቴተሩን ከ2.5 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ተጨማሪ መግፋት፣ ከዛ ነው ባሉኑን ካቴተሩ ላይ በተጻፈው መጠን በስቴራይል ውሃ መሙላት። ሽንት ሳይታይ ባሉን አይነፋም። በሽተኛዋ አመመኝ ካለችም አይነፋም፣ የተሞላውም ይወጣል።

ውሃው ካፈሰሰባችሁ የግሉኮስ ከረጢት ከነቱቦው ቀጥታ ወደ ሞዴሉ ፊኛ ቀጥሉ፣ ተማሪው ሲገባ ብቻ ክፈቱት፣ ሲወጣ ዝጉት። እሱም ካልሆነ ፈታኙ «ሽንት ወጣ» የሚል ካርድ ይያዝ፣ ካርዱን የሚያሳየው ግን ተማሪው ቆም ብሎ የካቴተሩን የውጭ ጫፍ ሲያይ ብቻ ነው። ሳያይ ሲሪንጁን ካነሳ ካርዱ አይወጣም። (በነገራችን ላይ ቼክሊስቱን ወደ አማርኛ ስትመልሱት «ፊኛውን ሙላ» እንዳትሉ፣ አንድ ቦታ እንደዛ ተጽፎ ተማሪው የቱን ፊኛ እንደሆነ ግራ ገብቶት ቆሞ አይቻለሁ። ባሉን በሉት።)

ከ25ቱ ውስጥ ሦስቱን ወሳኝ ብለህ ለያቸው፣ አንዱም ከተሳተ ነጥቡ 48 ቢሆንም አያልፍም። አንደኛ፣ የሞተው እጅ ካቴተር ነክቶ ሳያውቅ ወይ እያወቀ መቀጠል። ሁለተኛ፣ ሽንት ሳይታይ ባሉን መንፋት። ሦስተኛ፣ ካቴተሩ በስህተት ቫጃይና ውስጥ ገብቶ ያንኑ አውጥቶ ወደ ሽንት ቀዳዳ ማስገባት፣ ትክክሉ የመጀመሪያውን ምልክት እንዲሆን እዛው ትቶ አዲስ መክፈት ነው። ለዚህ ስቴሽኑ ላይ ትርፍ ካቴተርና ትርፍ ግላቭ መቀመጥ አለበት፣ ከሌለ ተማሪውን ሳይሆን ራሳችሁን ነው የምትፈትኑት። እንደገና ታጥፎ የተቀመጠ ያገለገለ ግላቭ ስጡ አላልኩም፣ እሱ ሲደረግ ይጠቀለላል፣ ተማሪው ሲያስተካክል ሌላ ጥፋት ይሠራል።

ያቺን ልጅ በዚህ ብታርማት፣ እጇ ካቴተሩን ሲነካ አውቃ «ተበላሽቷል» ብላ ግላቭና ካቴተር ቀይራ ከሆነ እዛ መስመር ላይ 1 ታገኛለች፣ ቀጥሎ ያሉት ስምንቱም እንደሠራችው ይታረማሉ፣ ታልፋለች። ሳታውቅ ቀጥላ ከሆነ ግን 44ቱም አያድናትም። የትኛው እንደነበረ ፈታኞቹን ለየብቻ ጠይቃቸው።

ከሚቀጥለው ፈተና በፊት አንድ ተማሪ በስልክ ቅረጽና ሁለቱም ሳይነጋገሩ ያርሙት። የተለያዩበት መስመር ላይ አትከራከሩ፣ መስመሩን እንደገና ጻፉት። ባሉኑ መስመር ላይ ከተለያዩ ግን ፈተናው ይቆይ።