ፓምፑ ይጮኻል፣ ውሃ ግን የለም፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

«የፓምፑ ማኑዋል ግማሹ ማስጠንቀቂያ ነው። ዘልዬ ወደ ገጠማው ብሄድ ምን ይመጣብኛል?»

ማኑዋሉ ጥንቃቄ፣ ገጠማ፣ አሠራር፣ ብልሽት ብሎ የተደረደረው በምክንያት ነው። እያንዳንዱ ክፍል የፊቱን ጨርሰሃል ብሎ ይጀምራል። «ውሃ ሳይሞላ አይነሳ» የሚለው ማስጠንቀቂያው ውስጥ ነው። በዘንጉ ዙሪያ ውሃ እንዳያፈስ የሚያግደው «ሲል» የተባለው ክፍል የሚቀዘቅዘው በውሃው ስለሆነ ደረቁን ሲዞር ይቃጠላል፣ ከዚያ ፓምፑ ከስሩ ማንጠባጠብ ይጀምራል።

«አዲስ አበባ ነኝ። ፓምፑን ጉድጓዱ አፍ ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ ውሃው 7 ሜትር ታች ነው። ማኑዋሉ እስከ 8 ሜትር ይስባል ይላል፣ ግን ጠብ የሚል ነገር የለም። ሸወዱኝ?»

አልሸወዱህም፣ ማኑዋሉ የተጻፈው ባሕር ዳርቻ ላለ ሰው ነው። ፓምፕ ውሃ አይጎትትም። ቧንቧው ውስጥ ያለውን አየር ያሳሳል፣ ከዚያ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው የውጪው አየር ክብደት ነው። በባሕር ወለል ላይ ያ ክብደት ቢበዛ 10 ሜትር ገደማ ይገፋል፤ በቧንቧው ፍትጊያና በፓምፑ ድክመት የሚባክነው ሲቀነስ 8 ይቀራል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ደግሞ ሩብ ያህል ቀለል ያለ ነው። ስለዚህ የአንተ ጣሪያ ገና ምንም ሳይባክን 8 ሜትር አይሞላም፣ በተግባር 5 ወይም 6 ቢሰጥህ ነው። ትልቅ ሞተር ብትገዛም ለውጥ የለውም፤ ከላይ ወደ ታንከሩ ለመግፋት ነው እንጂ ከታች ለመሳብ አይረዳህም።

ግን ከመፍረድህ በፊት ፓምፑን ፈትነው። ከቧንቧው ንቀለው፣ በላዩ ባለው ቡሽ በኩል ውሃ እስከ አፉ ሙላው፣ አጭር ጠንካራ ቱቦ ግጠምለትና አጠገቡ ካለ ባልዲ አስነሳው። ከባልዲው ከሳበ ፓምፑ ደህና ነው። ከዚያ ወደ ቦታው መልሰህ እንደገና ውሃ ሙላው፤ የቀረው ሁለት ነገር ነው። የሞላኸው ውሃ ስታጠፋው ወደ ጉድጓዱ ከሸሸ፣ ወይ በቧንቧው ታችኛ ጫፍ ላይ ውሃው እንዳይመለስ የሚዘጋው ፉት ቫልቭ ቆሻሻ ይዞ አልዘጋም፣ ወይ አንዱ መጋጠሚያ አየር ያስገባል፤ ቴፍሎኑን እንደገና ጠቅልል። ውሃው ቆሞ ከቀረና አሁንም ካልሳበ ችግሩ ከፍታው ነው። መፍትሔው ጉድጓዱ ውስጥ የሚጠልቅ ፓምፕ ነው።

«ሰማያዊው ቀለም አስጠላኝ፣ ልቀባው?»

ሞተሩ ሙቀቱን የሚተነፍሰው በዚያ አካሉ ነው። ተወው።

«እጄን ሳስነካው ትንሽ ይነዝረኛል። በፕላስቲክ ጫማ ስነካው ግን ምንም የለም።»

ጫማህን እርሳውና ብሬከሩን አጥፋ። እርጥብ መሬት ላይ የቆመ ፓምፕ «ትንሽ» የሚባል ንዝረት የለውም። የምድር ሽቦው ተቆርጧል ወይም ከመጀመሪያውም አልተገጠመም ማለት ነው፣ ሞተሩ ውስጥም ኤሌክትሪክ የሚያፈስ ነገር አለ። የዚህን ጥገና እኔም አልነግርህም፣ ጎረቤትህም አይነካካልህ። ኤሌክትሪሺያን ጥራ፤ ምድሩን ይለካ፣ 30 ሚሊአምፒር ላይ የሚቆርጥ ብሬከርም ይግጠምልህ። እሱ ሳይመጣ ውሃውን በጀሪካን ቅዳ።

«ከክረምት በኋላ ሳስነሳው እም እም ይላል እንጂ አይዞርም።»

ቶሎ አጥፋው፣ ሽቦው እየተቃጠለ ነው። ሶኬቱን ነቅለህ ከኋላ ያለውን ማራገቢያ በእጅ አዙረው። ካልዞረ ውስጡ ዝጓል፤ ቀስ እያልክ ወዲያና ወዲህ ስታደርገው ብዙ ጊዜ ይላቀቃል። በቀላሉ እየዞረ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ብቻ ካልተነሳ ችግሩ ሞተሩን ለመነሳት የሚያግዘው ካፓሲተር ነው። እሱን ለባለሙያ ተውለት፣ ሶኬቱ ከተነቀለም በኋላ ሊመታህ ይችላል።