የቢሮ ጅንጀና፦ ጠይቁኝ

በሰው ሀብት ክፍል 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ቅሬታ ይዞ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያሳየኝ ስልኩን ነው። እስኪ ጠይቁ።

ሂሳብ ክፍል ያለች ልጅ ልቤን ወስዳዋለች። ምን ብዬ ልጻፍላት? እንዳላፍርም ፈራሁ።

እንዲህ ብትልስ፦ «አርብ ከሥራ በኋላ ማኪያቶ ልጠጣ ነው። ከተመቸሽ አብረን እንውጣ፤ ካልሆነም ሰኞ እንገናኛለን።» ከፈለገች ትመጣለች። ካልፈለገች «እንግዳ አለብን» ትልሃለች፣ አለቀ። አንተ አልተዋረድክም፣ እሷም እምቢ ለማለት አልተጨነቀችም። «ናፈቅሽኝ»ን ከጨመርክበት ግን ማምለጫ አሳጣሃት። ሰዓቱንም እይ። ከምሽቱ 4 ሰዓት የተላከች «ተኛሽ?» የምትል መልእክት ስንት ቅሬታ ውስጥ አይቻለሁ መሰላችሁ!

ቴሌግራም ላይ መልእክቱን ከሁለታችን ስልክ ማጥፋት ይቻል የለ? ታዲያ ምን ያሰጋል?

ማጥፋቱስ ይቻላል። እሷ ያነሳችው ስክሪንሾት ግን አይጠፋም። ደግሞ «ለምን አጠፋኸው?» ተብለህ ስትጠየቅ ምን ትላለህ? መልእክቱ ስብሰባ ላይ ጮክ ተብሎ ቢነበብ የሚያሸማቅቅህ ከሆነ አትላከው።

ሴት ልጅ መጀመሪያ እምቢ ማለቷ ያለ ነው። ወንድ ልጅ ተስፋ አይቆርጥም።

ይሄ ጥያቄ አይደለም፣ ወንድሜ። የሚግደረደር ሰው እንዳለ አልክድም። ግን አንተ ከስልክ ላይ ለይተህ አታውቀውም። ሁለት ጊዜ «አልተመቸኝም» ካለችና ሌላ ቀን ራሷ ካልጠቆመች፣ መልሱ እሱ ነው።

እኔ ደግሞ ተቀባይዋ ነኝ። «ሌላ ጊዜ» እያልኩት ሦስት ወር ሆነ፣ አልገባውም።

አንዴ በጽሑፍ ቁርጡን ንገሪው፦ «ከሥራ ጉዳይ ውጪ ባንጻጻፍ ደስ ይለኛል።» የድሮዎቹን መልእክቶች እንዳትደመስሺ። ከዚህ በኋላ ከቀጠለ ይዘሽ ሰው ሀብት ሂጂ።

እኔ የቡድን መሪ ነኝ። ልጅቷ ግን እሷም የምትፈልገኝ ይመስለኛል።

የሥራ አፈጻጸሟን የምትሞላው አንተ አይደለህ? እንግዲህ ፈገግታዋ ለአንተ ይሁን ለነጥቡ በምን ታውቃለህ? አትጻፍላት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳን ይከለክላል። ሠራተኛዋ በዚህ ምክንያት ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራ መልቀቅም ትችላለች።

እውነተኛ ፍቅር ከሆነስ? እኔና ባለቤቴ እንደዚህ ነው የተጋባነው።

እንኳን ደስ አላችሁ። መጀመሪያ አንዳችሁ ክፍል ብትቀይሩ እላለሁ። ባልደረቦቼ ግን በዚህ አይስማሙም፤ እስከ ዛሬ እንከራከራለን።

በዕድሜ ትበልጠኛለች፣ አንቱ ነው የምላት። አንቺ ልበላት?

ራሷ «አንቺ በለኝ» እስክትል ጠብቅ። ያቺን ቃል ካለች ማኪያቶው ሩቅ አይደለም።