ሷሊህን የዘለለው ልጅ

«አሰላሙ ዐለይኩም። ሐይቅ አካባቢ መድረሳ ከ9 እስከ 12 አመት ያሉ ልጆችን አስተምራለሁ። የ25ቱን ነቢያት ቅደም ተከተል በዜማ ይሉታል፣ ወረቀት ስሰጣቸው ግን ይወድቃሉ። ማዛመድና ባዶ ቦታ ሙላ እንዴት ባወጣላቸው ይሻላል? እህታችሁ ነኝ።»

ወዐለይኩም ሰላም ወረህመቱላህ እህቴ። አብሽሪ፣ እኔም ደሴ ላይ ስጀምር እዚሁ ነው የወደቅኩት። ልጆቹ ሳይሆኑ ወረቀቱ ነበር ችግሩ።

የመጀመሪያ ፈተናዬ ቀላል ነበር። ከ1 እስከ 25 ቁጥር ጻፍኩና «በቅደም ተከተል ሙሉ» አልኩ። አንድ ጎበዝ ደረሳ ነበረኝ፣ በዜማ ሲለው ትንፋሽ አይወስድም። አደም፣ ኢድሪስ፣ ኑህ፣ ሁድ ብሎ በትክክል ጻፈ። 5ኛው ላይ ሷሊህን ዘለለና ኢብራሂምን አስገባ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ አስተካክሎ ነው የጻፈው፣ ግን እያንዳንዱ ስም አንድ ቦታ ወደ ላይ ተንሸራቶ 25ኛው ባዶ ቀረ። እኔም በቁጥሩ አረምኩና 4 ከ25 ሰጠሁት። ልጁ አለቀሰ። 24 ስም በትክክለኛ ተራው ለጻፈ ልጅ 4 መስጠት ምን ማለት ነው?

ከዚያ ወዲህ የማርመው ጎረቤት ለጎረቤት ነው። 25 ስም ሲደረደር በመሀል 24 መገናኛ አለ። «ከሁድ ቀጥሎ ሷሊህ» አንድ መገናኛ፣ «ከሷሊህ ቀጥሎ ኢብራሂም» ሌላ መገናኛ። ያ ልጅ የሳተው እነዚህን ሁለቱን ብቻ ነው። በዚህ ቢታረም 22 ከ24 ያገኝ ነበር። ምን መከለስ እንዳለበትም ወዲያው ይታያል።

ዜማው በራሱ መጥፎ አይደለም። ግን ልጁ ስሞቹን እንደ አንድ ረጅም ቃል ነው የያዛቸው፣ ከመሀል ብታስነሺው አይነሳም። ሞክሪው፣ «ከዩሱፍ በፊት ማን ነው?» በይ። ከአደም ጀምሮ በልቡ ሲያንጎራጉር ታይዋለሽ። ስለዚህ ባዶ ቦታውን ከመሀል አውጪ፣ በግራና በቀኝ የታወቀ ስም አቁሚለት።

ኑህ — ____ — ሷሊህ
ኢስሃቅ — ____ — ዩሱፍ
ዘከሪያ — ____ — ዒሳ

መልሶቹ ሁድ፣ ያዕቁብ፣ የህያ ናቸው። አንዱን መሳት ሌላውን አይጎትትም። አደምንና ነቢያችንን ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም ባዶ አታድርጊ፣ እነሱን የማያውቅ ልጅ የለም። በአረብኛ የምታጽፊ ከሆነ ደግሞ ስሞቹን አደባልቀሽ ከላይ በሳጥን አስቀምጪላቸው። አለዚያ ሷሊህ በሷድ ነው በሲን እያለ የሚጨነቅ ልጅ ይበዛና የምትፈትኚው ኢምላ ይሆናል።

አሁን ትልቁ ጥንቃቄ። ሁሉም ስም ባዶ ቦታ አይሆንም። አዩብ፣ ዙልኪፍልና ዩኑስ የት ላይ እንደሚገቡ ኪታቦቹ ይለያያሉ። ኢድሪስም ቢሆን ከኑህ በፊት ነው የሚለው ቢበዛም ከበኒ ኢስራኢል ነቢያት ነው ያሉ ዑለማዎች አሉ። እነዚህን በመድረሳችሁ ኪታብ ተራ መሰረት ታትመው ይቅረቡ እንጂ ነጥብ አይያዝባቸው። ልጁ ሰፈሩ ካለው ሸህ ሌላ ተራ ሰምቶ ቢመጣ ምን ልትይው ነው? አብረው የኖሩትንም እይ። ሙሳና ሃሩን ወንድማማች ናቸው፣ ኢብራሂምና ሉጥ በአንድ ዘመን ነበሩ። «ከሙሳና ከሃሩን ማን ይቀድማል?» ብሎ መጠየቅ ልጅ ማደናገር ነው። እኔ ሁለቱን በአንድ ሳጥን አስገባቸዋለሁ።

ተራውንም ካገኘሽበት አያ አትገልብጪ። እኔ አንድ ጊዜ ከሱረቱል አንዓም ከ83 እስከ 86 ያሉትን አያዎች ይዤ ወረቀት አወጣሁ፣ 18 ነቢያት አንድ ላይ ስለተጠሩ ደስ ብሎኝ። አንድ ሸህ አይተውት ሳቁና «ልጄ፣ እዚህ እኮ ኑህ ከያዕቁብ በኋላ ነው የተጠራው፤ ዘመን ሊቆጥር የመጣ አያ አይደለም» አሉኝ። ሉጥም መጨረሻ ላይ ነው ያለው። ወረቀቱን ሰብስቤ ገባሁ።

ለተራ የሚሆነው ሱረቱል አዕራፍ ነው። ከ59ኛው አያ ጀምሮ ኑህ፣ ሁድ፣ ሷሊህ፣ ሉጥ፣ ሹዐይብ እያለ ይሄድና 103ኛው ላይ «ከዚያም ከነሱ በኋላ ሙሳን ላክን» ይላል። ማዛመድ የማወጣው ከዚህ ነው። ማዛመድ ብቻውን ግን ተራ አይፈትንም፣ ማን ከማን ጋር እንደሚሄድ ነው የሚፈትነው። ስለዚህ ሁለት ደረጃ አደርገዋለሁ። በ«ሀ» ስር ሙሳ፣ ሷሊህ፣ ሹዐይብ፣ ሁድ፣ ሉጥ፤ ሆን ብዬ አዘበራርቄ። በ«ለ» ስር መድየን፣ ዓድ፣ ፊርዐውን፣ ሰሙድ፣ ከተማቸው የተገለበጠባቸው ህዝቦች፣ ጃሉት፣ ሰበእ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የዳውድና የሱለይማን ታሪክ ውስጥ ያሉ ናቸው፣ እዚህ ትርፍ ናቸው። አምስት ለአምስት ካደረግሽው አራቱን ያወቀ ልጅ አምስተኛውን በነፃ ያገኛል። አዛምደው ሲጨርሱ ከ«ሀ» ጎን ባለችው ሳጥን ከ1 እስከ 5 ቁጥር ይሰጣሉ። ሁድ 1፣ ሷሊህ 2፣ ሉጥ 3፣ ሹዐይብ 4፣ ሙሳ 5።

ከዚያ ምክንያቱን የሚያስይዝ ባዶ ቦታ እጨምራለሁ። ሁድ ህዝቡን ከኑህ ህዝቦች በኋላ ምትክ እንዳደረጋቸው ያስታውሳቸዋል፣ ሷሊህም ህዝቡን ከዓድ በኋላ እንደተተኩ ይነግራቸዋል፣ ሁለቱም እዚያው ሱራ ውስጥ 69ኛውና 74ኛው አያ ላይ አሉ። «ሰሙዶች የተተኩት ከ____ በኋላ ነው» ብለሽ ጠይቂ። ይህን የመለሰ ልጅ ሷሊህን ከሁድ በፊት አያስገባም፣ ዜማውን ቢረሳ እንኳ።

ወረቀት ማባዣ ከሌለሽ በጥቁር ሰሌዳ ይሆናል። ስምንት ስም ጽፈሽ በመደዳ አስነብቢያቸው፣ አይናቸውን ጨፍነው ሳለ ከመሀል አንዱን አጥፊ። ቀጥሎ ሁለት፣ ቀጥሎ ሦስት። ከሱቅ ካርቶን ለምኜ ስሞቹን በማርከር ጽፌ እያደባለቅኩ ያስደረደርኩበት ጊዜም አለ፣ ግን 30 ልጅ ባለበት ክፍል ካርቶኑ ይቀደዳል፣ ይሰወራል፣ እንዲያውም ዒሳ ሁለት ጊዜ ጠፍቶብኛል።

አንድ የኛ አገር ነገር ላንሳልሽ። ወሎ አይደል፣ ልጁ ቤት አያቱ ክርስቲያን ሊሆኑ ይችላሉ፣ ትምህርት ቤትም ስሞቹን በአማርኛው ነው የሚሰማው። «ያዕቁብ — ____» ላይ አንዱ «ዮሴፍ» ብሎ ጻፈልኝ። ጓደኞቹ ሳቁበት። ነጥቡን ሙሉ ሰጠሁትና ከጎኑ «ዩሱፍ» ብዬ ጻፍኩለት።