«እገሌ አጠና» እያለ የሚሄድ ክለሳ ድርሳን እንዴት ይቃና?

ጥያቄ፦ በደሴ የማርኬቲንግ የማስተርስ ተማሪ ነኝ፤ የከተማችን ልብስ ሻጮች በቲክቶክ ተጽዕኖ ፈጣሪዎች የሚያሠሩትን ማስታወቂያ ውጤታማነት አጠናለሁ። አማካሪዬ ክለሳ ድርሳኔን «ጥናቶቹን ደረደርሻቸው እንጂ አላዋሃድሻቸውም» ብለው መለሱልኝ። አንቀጾቼ «ደ ቬርማን አጠኑ፤ ሉ እና ዩዋንም አጠኑ፤ ልዩንግም አጠኑ» እያሉ ይሄዳሉ። በአማርኛ እንዴት ልጻፈው?

መልስ፦ ሲጽፉ የዓረፍተ ነገርዎን ባለቤት ይለውጡ። ባለቤቱ አጥኚው ከሆነ መዝጊያው ግስ «አጠና» ወይም «ገለጸ» ከመሆን አያልፍም። ባለቤቱ «የተከታይ ብዛት» ሲሆን ግን ግሱ «ይጨምራል» ወይም «ያደበዝዛል» ማለት ስለሚኖርበት፣ ጥናቶቹ የሚስማሙበትና የሚለያዩበት ቦታ ይገለጣል።

ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ጥናት «ውጤታማነት» ሲል ምን እንደለካ በማስታወሻዎ ጎን ለጎን ይጻፉ። እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የምመለከተው ይህንን ነው። ደ ቬርማንና ባልደረቦቻቸው የለኩት ሰዎች ለተጽዕኖ ፈጣሪውና ለምርቱ ያላቸውን አመለካከት ነው፤ ሉ እና ዩዋን ተከታዮችን በመጠይቅ ስለ እምነታቸውና ስለ መግዛት ፍላጎታቸው ጠየቁ፤ ልዩንግና ባልደረቦቻቸው ደግሞ በቻይናው ማኅበራዊ ሚዲያ በዌይቦ ለልጥፎች የተሰጠውን ምላሽ መረመሩ። እንግዲህ አንቀጹ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

«የተከታይ ብዛት ለማስታወቂያ ያለው ጥቅም ውጤቱ በተለካበት መንገድ ይለያያል። በተመልካች ምላሽ ሲለካ ብዙ ተከታይ ያለው ሰው ለማስታወቂያ የወጣውን ገንዘብ ይበልጥ ፍሬያማ ያደርጋል (ልዩንግና ሌሎች፣ 2022 እ.ኤ.አ.)። በአመለካከት ሲለካ ግን፣ ብዛቱ ሰውየውን ተወዳጅ ቢያደርገውም፣ ንድፉ ለየት ያለ ምርት ብርቅነቱን እንዲያጣ ያደርጋል (ደ ቬርማንና ሌሎች፣ 2017 እ.ኤ.አ.)። የመግዛት ፍላጎት ደግሞ ተከታዩ በልጥፉ ላይ ካለው እምነት ጋር ተያይዞ ተገኝቷል (ሉ እና ዩዋን፣ 2019 እ.ኤ.አ.)።»

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ምንጭ አልተጠቀሰበትም፤ ሦስቱን አንብበው የደረሱበት የእርስዎ ፍርድ ነውና። «ግን» የገባውም ሁለቱ ጥናቶች በአንድ ጉዳይ ላይ፣ በተከታይ ብዛት ላይ፣ የተለያየ ነገር ስላሉ ነው፤ ስለ እምነት ለሚናገረው ጥናት «ደግሞ» ይበቃዋል። በመጠይቅ የተገኘን ግንኙነት «አረጋግጧል» ብሎ መዝጋት ከመረጃው አቅም በላይ ስለሆነ «ተያይዞ ተገኝቷል» መባሉን ልብ ይበሉ።

ሲጨርሱ የዓረፍተ ነገሮቹን ቅደም ተከተል ያቀያይሩ። አንቀጹ ሳይበላሽ ከቀረ አሁንም ዝርዝር ነው፤ ማያያዣዎቹ ትርጉም ካጡ ግን ተዋሕዷል ማለት ነው። ከሦስቱ አንዱም ትክክለኛ ሽያጭን እንዳልለካ የሚናገረውን ዓረፍተ ነገር በአንቀጹ መጨረሻ ካስገቡ፣ የደሴን ሱቆች ሽያጭ የሚመለከተው ጥያቄዎ ከዚያው ይቀጥላል።