የፎርማን የዕለት መዝገብ፦ «ሥራው በጥሩ ሁኔታ ቀጥሏል» ለምን አይበቃም?

«ጤና ይስጥልኝ። ከቴክኒክና ሙያ በሕንፃ ግንባታ ተመርቄ አዲስ አበባ አንድ ሳይት ላይ ረዳት ፎርማን ሆኜ ተቀጥሬያለሁ። ገና የሙከራ ጊዜ ላይ ነኝ። ሳይት ዳያሪ እንድሞላ ተሰጠኝና ይህን ጻፍኩ፦ ‹39 ሠራተኛ ነበር። አሸዋና ሲሚንቶ ገብቷል። ሶሌታ እየተሞላ ዝናብ ዘነበ። ኢንጂነሩ መጥቶ ትእዛዝ ሰጥቷል። ሥራው በጥሩ ሁኔታ ቀጥሏል።› የሳይት ኢንጂነራችን ‹ይሄ ዳያሪ አይደለም› ብሎ መለሰልኝ። ምኑ ነው የጎደለው? ወደፊት ሥራ ስፈልግስ ገጾቹን ፎቶ አንስቼ ባሳይ ይጠቅመኛል?»

ወንድሜ፣ የጻፍከው ውሸት የለበትም። ችግሩ ገጹን አንድ ቀን የሚያነበው ሰው በዚያ ቀን ሳይት ላይ ያልነበረ መሆኑ ነው። ምናልባት ከዓመት በኋላ ሶሌታው በአንድ መስመር ላይ ውኃ ያስገባ ይሆናል። ያኔ «እዚህ ጋ አቁሙ ያለው ማነው?» ተብሎ ያንተ ገጽ ይገለጣል። ገጹ ግን «ኢንጂነሩ ትእዛዝ ሰጥቷል» ይላል። የቱ ኢንጂነር? የኮንትራክተሩ ነው የአማካሪው? ምን አለ? ለማን አለ?

ከትእዛዙ የጀመርኩት ብዙ ገንዘብ የሚሄደው እዚያ ስለሆነ ነው። ሳይት ላይ አብዛኛው ትእዛዝ በአፍ ነው፤ ያውም አርማታ እየተሞላ፣ ሚክሰር እየጮኸ። ትልልቅ ፕሮጀክቶች ላይ የሚሠራበት፣ ዓለም አቀፉ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን በ1999 እ.ኤ.አ. ያወጣው የፊዲክ ውል ለዚህ መላ አለው። መሐንዲሱ በአፍ ሲያዝ ኮንትራክተሩ በ2 የሥራ ቀን ውስጥ ትእዛዙን በጽሑፍ ያረጋግጥለታል። መሐንዲሱ ማረጋገጫው ከደረሰው በኋላ በ2 የሥራ ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካልተቃወመ ወይም ሌላ ትእዛዝ በጽሑፍ ካልሰጠ፣ ማረጋገጫው እንደ ጽሑፍ ትእዛዝ ይቆጠራል። ደብዳቤውን የምትጽፈው አንተ አይደለህም፤ ቢሮው ነው። ቢሮው ግን የሚቀዳው ካንተ ገጽ ነው። የእናንተ ውል ሌላ ከሆነ ቀኑ ይለያይ ይሆናል፤ ሳይት ኢንጂነሩን ጠይቀው። ጥያቄው ራሱ ያስከብርሃል።

ዝናቡን በተመለከተ፣ «ዘነበ» ብሎ መጻፍ በሐምሌ አዲስ አበባ ላይ ምንም አይነግረንም። ፊዲክ የጊዜ ማራዘሚያ የሚፈቅደው ከተለመደው ውጪ ለሆነ መጥፎ አየር ነው። የክረምት ዝናብ ደግሞ ማንም ኮንትራክተር አስቀድሞ የሚያውቀው ነገር ነው። ስለዚህ ዋናው ቁም ነገር ዝናቡ ምን እንዳስቆመ፣ ስንት ሰዓት ጀምሮ ስንት ሰዓት እንዳባራ፣ ትኩሱ አርማታ ተሸፍኖ እንደሆነ ነው። በመኪናና በመንገድ ምክንያት የቆመ ሥራን በዝናብ አታሳብብ። ክርክር ሲመጣ ያንተ መዝገብ ከሜትሮሎጂ መረጃ ጋር ጎን ለጎን ይታያል። አንድ ቀን ካልገጠመ ሌላውም ቀን ይጠረጠራል።

«39 ሠራተኛ» የሚለውም ለታይም ኪፐር እንጂ ላንተ አይበቃም። ስንቱ አናጺ፣ ስንቱ ፌሮ ሠራተኛ፣ ስንቱ የቀን ሠራተኛ? የት ነበሩ? ስንት ሰዓት ቆመው ዋሉ? ይቺ የመጨረሻዋ ብዙ ጊዜ ትረሳለች። ሥራ ፈቶ የቆመ ሠራተኛ ደመወዝ ይበላል፤ ያቆመው ምክንያት የሌላ ወገን ከሆነ ደግሞ ኮንትራክተሩ የሚጠይቅበት ነገር ነው።

የመጣ ዕቃ ላይ ዲስፓቹን ብቻ አትገልብጥ። አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ ሲገባ ከመገልበጡ በፊት ካሶኒው ላይ ወጥተህ ለካ። ርዝመቱ 5.6፣ ስፋቱ 2.3 ሜትር ሆኖ አሸዋው ደልደል ሲል ከፍታው 1.1 ሜትር ከሆነ፣ ያለህ 14.2 ሜትር ኩብ ነው። ዲስፓቹ 16 ቢል ሁለቱንም ቁጥር ጻፍ፤ ሹፌሩንም አስፈርም። አሸዋ መንገድ ላይ ይጠቀጠቃል፣ ጥቂት ልዩነት ይኖራል። በየቢያጆው ወደ 2 ሜትር ኩብ ሲጎድል ግን ሌላ ታሪክ ነው።

ያንተኑ ቀን እኔ ብጽፈው እንዲህ ይመስላል። ያልነገርከኝን ለምሳሌ ያህል ሞልቼዋለሁ፦

«ማክሰኞ ሐምሌ 16 (ጁላይ 23)። ሰዓቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር።
አየር፦ ጠዋት ደመና። ከ8:10 እስከ 9:40 ከባድ ዝናብ፣ ከዚያ እስከ ማታ ካፊያ።
ሰው፦ 28 የቀን ሠራተኛ፣ 4 አናጺ፣ 3 ፌሮ ሠራተኛ፣ 2 ሚክሰር ኦፕሬተር፣ 2 ቫይብሬተር ኦፕሬተር። ድምር 39። ከ8:45 እስከ 9:40 የቀን ሠራተኞቹና ኦፕሬተሮቹ ቆመዋል።
ሥራ፦ የ2ኛ ፎቅ ሶሌታና ቢም፣ ሲ-25። ሙሌት 2:30 ተጀመረ፣ 8:30 ቆመ። 130 ከረጢት ሲሚንቶ ገብቶ 18 ሜትር ኩብ ያህል ተሞላ።
የገባ ዕቃ፦ አሸዋ 1 ሲኖትራክ፣ በዲስፓች 16፣ ተለክቶ 14.2 ሜትር ኩብ፣ ሹፌር ፈርሟል። ሲሚንቶ 200 ከረጢት፣ 3ቱ የረጠቡ፣ ተመልሰዋል።
ትእዛዝ፦ 8:25 ላይ የአማካሪው ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ሶሌታው ላይ ቆመው ለእኔና ለካቦው በአፍ ነገሩን። ሙሌቱ በአክሲስ 3 እና 4 መካከል፣ በስፓኑ መካከለኛ ሲሶ ላይ፣ በጣውላ ቀጥ ብሎ ተዘግቶ ይቁም። ትኩሱ አርማታ በላስቲክ ይሸፈን። ነገ ከመቀጠሉ በፊት መገጣጠሚያው ይቦርቦር፣ ይታጠብ፣ ቦያካ ይቀባ። እስከ 8:45 ተዘግቶ ተሸፍኗል። ለሳይት ኢንጂነራችን 9:00 በስልክ ነገርኩት።»

ልብ በል፣ «ጥሩ» እና «መጥፎ» የሚል ቃል የለውም። አንባቢው ራሱ መፈተሽ ይችላል። 130 ከረጢት በ50 ኪሎ 6,500 ኪሎ ነው፤ ለ18 ሲካፈል በሜትር ኩብ ወደ 360 ኪሎ ይመጣል። በሥራ ዝርዝሮች ላይ ለሲ-25 የተለመደው መጠን ይኸው ነው። ቁጥሩ 280 ቢመጣ ወይ ሲሚንቶ ጎድሏል፣ ወይ ሜትር ኩቡ ተጋኗል። ስቶር ኪፐሩም ከራሱ መዝገብ ጋር ያመሳክረዋል።

ሐሙስ ዕለት ተቀምጠህ የሦስት ቀን አንዴ አትሙላ። ይታወቃል። አንድ ዓይነት እስክሪብቶ፣ አንድ ዓይነት የእጅ ጽሑፍ፣ በየቀኑ ተመሳሳይ የሰው ቁጥር። ቀኑን ሙሉ ኪስህ ውስጥ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ይኑር፣ ማታ ከሳይት ሳትወጣ ወደ ዳያሪው ገልብጥ። ስትሳሳት በአንድ መስመር ሰርዘህ ፈርምበት፤ ፍሉይድ እንዳትቀባ። የተረፈውን ባዶ ቦታ በሰረዝ ዝጋው፤ አለበለዚያ ሌላ ሰው ነገ ሊጨምርበት ይችላል። የውጭ አገር አማካሪ ካላችሁ ሰዓትህ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሁሌም ጻፍ። «2:30» ለእነሱ ሌሊት ወይም ከሰዓት በኋላ ነው።

ፎቶውን ተወው። ዳያሪው የድርጅቱ ሰነድ ነው። ውስጡ የሰው ስምና የውል ጉዳይ አለ። ቃለ መጠይቅ ላይ ብታወጣው ቀጣሪው መጀመሪያ የሚያስበው «የእኛንም ለሌላ ያሳያል» የሚለውን ነው። ከላይ እንዳየኸው በምናባዊ ሳይት ላይ አንድ ሁለት ገጽ ናሙና በራስህ እጅ አዘጋጅና ያዝ። የሠራተኛና የሙሌት ቁጥሮችህን ግን ለራስህ አስታውሳቸው፤ ሰነዱን መቅዳት አያስፈልግም። የፎርማን ፈተና ላይ «18 ሜትር ኩብ በሁለት ሚክሰር ለመሙላት ስንት ሰው፣ ስንት ሰዓት ትመድባለህ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። በገዛ እጁ ሲመዘግብ የከረመ ሰው ይህን ሲጠየቅ አይንተባተብም።