ኤር ፍራየራችሁ ለምን ያጨሳል? ለምንስ ግማሹን አሳርሮ ግማሹን ጥሬ ይተዋል? ዛሬ ጠይቁኝ

ሰላም ጎንደሮች፣ ከፒያሳ ወረድ ብላ ባለች ሱቅ የኩሽና ዕቃ እጠግናለሁ። ከበዓል በኋላ ኤር ፍራየር ይዞ የሚመጣ ሰው ይበዛል፣ አብዛኛው ደግሞ ተበላሸ ብሎ የሚያመጣው ያልተበላሸ ዕቃ ነው። ስለዚ እስከ ማታ እዚሁ ነኝ፣ ጠይቁ።

የማራኪዋ፦ ዶሮ ሳስገባ ነጭ ጭስ ቤቱን ይሞላዋል። ቅርጫቱን ሁሌ አጥባለሁ። ተቃጠለ ማለት ነው?

አልተቃጠለም እህቴ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ዶሮውን ቅቤ ቀብተሽ ነው አይደል የምታስገቢው?

የማራኪዋ፦ አዎ የተነጠረ ቅቤ በበርበሬ ለውሼ፣ 200 ላይ

በቃ እሱ ነው። ቅርጫቱ ታጥቦ ይሆናል፣ ጭሱ ግን የሚመጣው ከላይ ነው። ዕቃውን ከሶኬት ንቀይና በደንብ ሲቀዘቅዝ መሳቢያውን አውጥተሽ ገልብጪው፣ በስልክሽ መብራት ወደ ውስጥ እዪ። የተጠቀለለችው ሬዚስታንስ ላይ እንደ ማር የደረቀ ቡናማ ጠብታ ታገኛለሽ፣ አንዳንዱም ጠቁሮ ቅርፊት ሰርቷል። ፋኑ አየሩን ሲያዞረው ከዶሮው ቆዳ የሚፈናጠረውን ቅባት እየያዘ ወደ ላይ ይወስደዋል፣ እዛ ይለጠፋል፣ በሚቀጥለው ጊዜ ስታበሪው እሱ ነው የሚጨሰው። ለዛ ነው ባዶውን ስታበሪውም የሚሸት። ቅቤው ራሱ በደንብ ከተነጠረ ሙቀት ይችላል፣ በርበሬውና ስር የቀረው አተላ ግን 200 ላይ ቶሎ ያራል።

አጸዳዱ እንዲህ ነው። ለብ ያለ ውሃ ላይ ትንሽ የዕቃ ሳሙና ጠብ አርጊ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ነክረሽ በደንብ አራግፊው፣ ከዛ ሬዚስታንሷን ቀስ እያልሽ ፈትጊያት። ለጠነከረው ቅርፊት ቤኪንግ ሶዳ በትንሽ ውሃ ለውሰሽ ቀቢውና ሃያ ደቂቃ ተዪው፣ ይላቀቃል። እንደተገለበጠ ስሪው፣ ግን ሲገለበጥ ሞተሩ ከሬዚስታንሷ ስር ስለሚሆን ውሃ እንዳይወርድበት ተጠንቀቂ። ውሃ አታፍሺበት፣ በብረት ሽቦም አትንኪው፣ በተለይ ቅርጫቱን፣ ቅቡ ይላጣል። በእርጥብ ጨርቅ ሳሙናውን አንሺና አንድ ቀን ሙሉ ይድረቅ። ከዛ ባዶውን 150 ላይ አምስት ደቂቃ አብሪው፣ ትንሽ ሽታ ቢኖር ግድ የለም፣ ጭስ ካለ ግን የቀረ ቅባት አለ።

ቡናአፍሊ፦ ይሄ ሁሉ ልፋት ለምን? ከቅርጫቱ ስር ትንሽ ውሃ ጨምሪበት፣ ጭሱ ይጠፋል፣ እኔ ሁሌ እንደዛ ነው የማረግ

ወንድሜ ግማሹ ልክ ነህ። ሁለት ሶስት ማንኪያ ውሃ መሳቢያው ውስጥ ካለ ከዶሮው የሚንጠባጠበው ቅባት ትኩስ ብረት ላይ አያርም፣ እሱ ጥሩ ዘዴ ነው። ግን ውሃው ታች ነው፣ ሬዚስታንሷ ላይ የተለጠፈው ከላይ ነው፣ እሱን አያነሳውም። መጀመሪያ አጽድቶ ከዛ ውሃውን መጨመር ነው።

ሌላ ደግሞ ጭሱ ጥቁር ከሆነ ወይ የፕላስቲክ ሽታ ካለው ይሄ ሁሉ አይሰራም፣ ወዲያው ንቀሉት፣ ጭሱ እስኪቆም መሳቢያውን አትክፈቱት።

እናትዓለም18፦ ስለ ጭስ ከተነሳ የኔ የኤሌክትሪክ ምጣድ በጎመን ዘር ሳሰሰው ያጨሳል፣ ፋኑ ይሆን?

እማ ምጣድ ፋን የለውም፣ የጎመን ዘሩ ነው የሚጨሰው፣ ምጣድ ሲሟሽ ያለ ነው። አይስጉ።

የአዘዞ ልጅ፦ ሳምቡሳ 12 አስገብቼ ከላይ ይጠቁራል ከታች ነጭ ሆኖ ይቀራል። ፋኑ ነው አይደል?

ከታች ምን አነጠፍክበት?

የአዘዞ ልጅ፦ የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት፣ እንዳይቆሽሽ ብዬ

ይኸው። ይሄ ዕቃ በዘይት አይደለም የሚጠብሰው፣ አየር ከላይ ወርዶ በቅርጫቱ ቀዳዳ አልፎ ተመልሶ ሲወጣ ነው። ወረቀቱ ቀዳዳውን ዘጋው፣ 12ቱ ሳምቡሳ ደግሞ ጎን ለጎን ተጣብቀው የቀረውን መተላለፊያ ዘጉት፣ ስለዚ ከላይ ያለው ብቻ ነው አየር የሚያገኘው። ወረቀቱን አውጣው፣ ስድስት ስድስት አርገህ በሁለት ዙር ጥበስ፣ በመሃላቸው ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑር፣ ግማሽ ላይ ገልብጣቸው። ወረቀት የግድ ካልክ የተበሳሳውን ተጠቀምና ምግቡ ሳይጫንበት ዕቃውን አታብራው፣ ባዶ ወረቀት ተነስቶ ሬዚስታንሷ ላይ ሲለጠፍና ሲነድ በአይኔ አይቻለሁ።

ከዚህ በኋላም ካልተስተካከለ እንዲህ ሞክር። ድንች አንድ ጣት ውፍረት እኩል እኩል ቁረጥና አምስት ስድስት ቁራጭ ብቻ ተራርቀው አስገባ፣ 180 ላይ አስር ደቂቃ። ሁሉም እኩል ከጠየመ ዕቃህ ጤነኛ ነው፣ ጥፋቱ አብዝቶ መጫን ነበር። መሃል ያለው አሮ ጠርዝ ያለው ከገረጣ ያኔ ፋኑን እንጠርጥር።

የአዘዞ ልጅ፦ ፋኑ እንደደከመ በምን አውቃለሁ?

ከጀርባው ትኩስ አየር የሚወጣበት ቦታ አለ፣ እጅህን ራቅ አርገህ ያዝ፣ ድሮ ይገፋህ የነበረው አሁን ዝም ብሎ ሞቅ ብቻ ካለህ ደክሟል። ድምፁም ይለወጣል፣ ይወርዳል ወይ ያፏጫል። ከዛ ነቅለህ ሲቀዘቅዝ በቀጭን እንጨት ክንፉን ነካ አርገው፣ ቀለል ብሎ ትንሽ መዞር አለበት። ማር ውስጥ እንደገባ ከቆመ ቅባት ወደ ዘንጉ ገብቷል ማለት ነው። እሱን ለባለሙያ ስጠው፣ ዘይት አትጨምርበት፣ ሙቀቱ እሱኑ ያጨሰዋል።

ፋን የቆመበትን ዕቃ ደግሞ ማንም አይጠቀም፣ ሙቀቱ መሄጃ አጥቶ የሙቀት ፊውዙን ይቆርጠዋል። ባለፈው ፊውዙን አውጥቶ በሽቦ ያገናኘ ሰው አምጥቶልኝ ነበር፣ ጀርባው ያለው ፕላስቲክ ቀልጦ ተንጠልጥሏል። ያቺ ፊውዝ ቤቱን ነው የምትጠብቀው፣ እባካችሁ።

ዳያስፖራው_ዘመድ፦ እህቴ ከአሜሪካ የላከችው ነው፣ በትራንስፎርመር ነው የምጠቀመው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያበስላል ግን ቀርፋፋ ነው፣ አንድ ጎን ያሳርራል። አሜሪካ ግን ጎበዝ ነበር ትላለች

ይሄን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። ትራንስፎርመሩ 220ውን ወደ 110 ያወርዳል፣ ሬዚስታንሷ በዛ ትረካለች። ግን እዛ መብራቱ በሰከንድ 60 ጊዜ ነው የሚመላለሰው፣ የኛ 50 ነው፣ ይሄን ትራንስፎርመር አይለውጠውም። ፋኑ ቀጥታ በመብራቱ የሚዞር ሞተር ከሆነ ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ያህል ይቀንሳል። ሙቀቱ ያው፣ አየሩ ያነሰ፣ ስለዚ ሬዚስታንሷ ስር ያለው ያራል። ትንሽ ጫን፣ 10 ወይ 15 ዲግሪ ቀንስ፣ ደቂቃ ጨምር፣ ቶሎ ቶሎ አራግፍ። ትራንስፎርመሩ ስንት ዋት ነው?

ዳያስፖራው_ዘመድ፦ 1000 ይላል፣ ኤር ፍራየሩ 1500

አቁመው ወንድሜ፣ ዛሬውኑ። ከአቅሙ በላይ እየጎተተ ነው፣ ትራንስፎርመሩ ራሱ ይነዳል። ቢያንስ 2000 የሚችል ያስፈልግሃል። አንዳንዱ ዕቃ ደግሞ ፋኑ በውስጥ ቦርድ የሚመራ ነው፣ እሱን 50ው አይነካውም፣ ያንተ የቱ እንደሆነ ሳልከፍተው አልልህም።

የማራኪዋ፦ አሁን ገልብጬ አየሁት፣ እውነትም ጠቁሯል። ግን ሌላም አለ፣ ማታ 1 ሰዓት ላይ ድንች አይበስልልኝም፣ ቀን ግን ይበስላል። እሱም ቅባቱ ነው?

እሱ የመብራቱ ይመስለኛል። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ሲያበስል ቮልቴጁ ይወርዳል፣ 220 የነበረው 180 ከሆነ ሙቀቱ ወደ ሁለት ሶስተኛ ነው የሚወርደው፣ ፋኑም አብሮ ሊደክም ይችላል። በዲቫይደር ከምጣድ ጋር ሰክተሽው ከሆነ ደግሞ ይብሳል፣ አደጋም አለው፣ ለብቻው ግድግዳ ላይ ሰኪው። መጀመሪያ አጽጂው፣ ከዛ ያንኑ ያህል ድንች ቀን 5 ሰዓት ላይና ማታ 1 ሰዓት ላይ ጥበሺ፣ የፋኑን ድምፅ በስልክሽ ቅጂልኝ። ሁለቱን ሳልሰማ መብራቱ ነው ብዬ አልደመድምም።

የማራኪዋ፦ እሺ፣ ነገ ይደርቅና ከነገ ወዲያ እልክልሃለሁ